ሳምንታት ላለፉት መልእክት የሚጻፍ መልስ

መልስ ሳያገኝ ሳምንታት ያለፉት መልእክት ብዙ ጊዜ የተረሳ መልእክት አይደለም። ቢረሳማ ኖሮ ማንንም አያስጨንቅም ነበር። ባለቤቱ ቴሌግራሙን በከፈተ ቁጥር የላኪውን ስም ያያል፤ ስሙ ወደ ታች ከወረደም ሌላ ነገር ሲፈልግ ያገኘዋል። በመጀመሪያው ቀን «ማታ ተረጋግቼ እመልሳለሁ» ብሎ አሳደረው። በሳምንቱ «አሁንማ በአጭሩ መመለስ ነውር ነው፣ በደንብ ልጻፍለት» አለ። በሦስተኛው ሳምንት መልሱ ከነይቅርታው፣ ከነምክንያቱና ከነካሳው በሐሳቡ አንድ ገጽ ሞላ፤ አንድ ገጽ ለመጻፍ ደግሞ ጊዜ አላገኘም። እንዲህ እያለ መዘግየቱ መልሱን ያከብደዋል፣ የከበደው መልስ ደግሞ መዘግየቱን ያስረዝመዋል።

በመጨረሻ የሚጻፈው መልስ ታዲያ ከሁለት በአንዱ መንገድ ይበላሻል። አንዳንዱ ምንም እንዳልተፈጠረ «ሰላም ነው? እሺ ችግር የለም» ብሎ ይልካል፤ ጠያቂውም ስድስት ሳምንት የጠበቀው ነገር ለሌላው ምንም እንዳልነበር ይገባዋል። ሌላው «በጣም በጣም ይቅርታ፣ አፈር ልብላ፣ በምን ዓይኔ አይሃለሁ» እያለ ይጽፍና ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል ሳይናገር ይጨርሳል። ሁለተኛው ትሕትና ስለሚመስል ብዙዎቻችን የምንመርጠው እሱን ነው። ነገር ግን የተበደለው ሰው አጽናኝ እንዲሆን ያስገድደዋል። «ኧረ ምንም አይደል፣ ሥራ ነው፣ ይገባኛል» ማለት ግዴታው ይሆናል። ከዚያ በኋላ «የጠየቅኩህ ነገርስ?» ማለት ደግሞ ይሉኝታ ይይዘዋል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። አንዲት በአዲስ አበባ የምትሠራ ወጣት ካደገችበት ሰፈር አንድ አዛውንት፣ የአባቷ ጓደኛ፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል በቴሌግራም እንዲህ ብለው ጻፉላት እንበል፦

«ጤና ይስጥልኝ ልጄ። እንደምን ሰነበትሽ? ቤተሰብ ደህና ነው? የእድራችንን መተዳደሪያ ደንብ አሻሽለን በእጅ ጽፈነዋል። 12 ገጽ ነው፤ ፎቶውን ልኬልሻለሁ። መስከረም መጨረሻ እሁድ ጠቅላላ ጉባኤ አለን። እስከዚያ በኮምፒውተር ብትጽፊልን እናመሰግንሻለን።»

መልእክቱን በዕለቱ አነበበችው፤ ለእሳቸውም ሁለቱ የማንበቢያ ምልክቶች ታዩአቸው። ፎቶዎቹን ስትከፍት ሁለቱ ገጾች ደብዝዘዋል። «ስጀምር እጠይቃቸዋለሁ» አለች። አዲስ ዓመት መጣ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ፣ መስቀል አለፈ። በዚህ መሀል የአደይ አበባ ሥዕል ያለበትን «እንኳን አደረሳችሁ» ስልኳ ላይ ላለው ሰው ሁሉ ስትልክ ለእሳቸውም ደረሳቸው። ይህች ትንሽ ነገር በእኛ ዘንድ በጣም የተለመደች ናት፤ ጉዳቷም ከዝምታው የባሰ ይመስለኛል። ዝም ያለ ሰው ታሞ ይሆናል፣ ስልኩ ጠፍቶ ይሆናል ተብሎ ይታሰብለታል። ጥያቄው ሳይመለስለት የበዓል ሥዕል የደረሰው ሰው ግን መልእክት የምትልክበት ጊዜም ስልክም እንዳላት ያውቃል። የበዓል ሰላምታ ያልተመለሰ ጥያቄን አይሸፍንም፤ መልሱ ከሌለ ሰላምታውም ቢቆይ ይሻላል።

አሁን ጥቅምት ገብቶ ሳምንት ሆኖታል። ጉባኤው አልፏል። ስልኩን አንስታ መጀመሪያ የሚመጣላት ይህ ነው፦ «ጋሼ በጣም በጣም ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እንዴት እንዳፈርኩ አልነግርዎትም። ሥራ በዝቶብኝ፣ ከዚያ ልጄ አሞት፣ ስልኬም አስቸግሮኝ ነበር። እባክዎ እንዳይቀየሙኝ።» በዚህ ውስጥ ደንብ የሚል ቃል የለም። ሦስት ምክንያት ተደርድሯል፤ ምክንያት ሲበዛ ደግሞ አንዱ ሌላውን ያዳክመዋል። ስልኩ ተበላሽቶ ነበር የሚለውንማ ማንም አያምነውም። ቴሌግራም መቼ እንደገባች ያሳያል፤ የሰፈሩ ግሩፕ ላይም በየሳምንቱ ጽፋለች። አዛውንቱ ይህን አይተው ዝም ቢሉ እንኳ ከዚያ በኋላ የምትሰጣቸውን ሌላ ቃል በጥርጣሬ ነው የሚሰሙት።

ቶሎ የሚመጣላት ሌላው ደግሞ ይህ ነው፦ «ጋሼ ሰላም ነዎት? ደንቡን አሁን ልጽፈው ነው፤ ፎቶዎቹን ድጋሚ ይላኩልኝ።» አጭርና ሥራ ላይ ያተኮረ ይመስላል። ግን ጉባኤው ያላለፈ ያህል ነው የምትናገረው። ፎቶዎቹ እዚያው መልእክቱ ላይ እያሉ አንድ ሽማግሌ እንደገና 12 ገጽ እንዲያነሱ ታዛቸዋለች። ግድየለሽነት የሚነበበው የይቅርታ ቃል ስለጎደለ ብቻ አይደለም። መልእክቱን ደግማ እንዳላነበበችው ስለሚያሳይ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ከመጻፍ በፊት ነው፤ የመጣውን መልእክት እስከ መጨረሻው እንደ አዲስ ማንበብ። ከሳምንታት በኋላ በጭንቅላታችን የቀረው ጭንቀቱ እንጂ ጥያቄው አይደለም። ብዙ ጊዜ ደግመን ስናነበው ካሰብነው ያነሰ ሆኖ እናገኘዋለን። ቀጥሎ የሚጠየቀው፣ በእነዚህ ሳምንታት ምን ተለወጠ የሚለው ነው። ጉባኤው ደንቡን ከእጅ ጽሑፉ እየተነበበለት አጽድቆት ይሆናል። አንቀጽ አሻሽሎም ይሆናል። ሌላ ሰው ተይቦትም ይሆናል። ቢጸድቅ እንኳ ለአባላት የሚታደል፣ የሚፈረምበት ንጹሕ ቅጂ ያስፈልጋል። የዘገየ መልስ የሚጻፈው ለዛሬው ሁኔታ ነው። ነሐሴ ላይ ቢላክ ጥሩ የነበረ መልስ ጥቅምት ላይ እንዳለ ቢላክ አይሆንም።

እንዲህ ብትጽፍላቸውስ፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበቱ? የእድሩን ደንብ ለጉባኤው ሳላደርስልዎ ቀረሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንደማይደርስልኝ ቀድሜ ብነግርዎ ኖሮ ሌላ ሰው ይፈልጉ ነበር። አሁን ሁሉንም አይቼዋለሁ። 10ሩ ገጽ በደንብ ይነበባል፤ 4ኛውና 9ኛው ብቻ አልነበብ ብለውኛል። ሁለቱን እንደገና ቢያነሱልኝና ጉባኤው የለወጠው አንቀጽ ካለ ቢነግሩኝ፣ እስከ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ጨርሼ እልክልዎታለሁ። ሌላ ሰው ጽፎት ከሆነም ደስ ይለኛል፤ ፊደል በማረም አግዛለሁ። ዛሬ ማታ 1 ሰዓት ላይ እደውልልዎታለሁ።»

ይቅርታው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ግን ለምን እንደሆነ በስሙ ይጠራል። «ስለዘገየሁ ይቅርታ» አላለችም። ለጉባኤው አላደረስኩም አለች። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የመጀመሪያው ስለ እሷ ነው፣ ሁለተኛው እሳቸው ስላጡት ነገር ነው። ቀጥላ ያለችው ዓረፍተ ነገርም ዝምታው ምን እንዳስከተለባቸው እንደገባት ያሳያል፤ ሌላ ሰው ለመፈለግ እንኳ አልቻሉም ነበር። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ከዐሥር «በጣም» ይበልጣል፤ ሰው የሚቀየመው በአብዛኛው በመጠበቁ ሳይሆን ጥበቃው ያልታየለት ሲመስለው ነው።

ስለ ደበዘዙት ገጾች ያነሳችበትን ቦታም ልብ በሉ። እውነቱን ለመናገር የተዘገየችው መጀመሪያ በእነሱ ምክንያት ነው። ግን «ፎቶው ደብዝዞ ስለነበር ነው» ብላ ብትጀምር ጥፋቱን ወደ አዛውንቱ ትገፋው ነበር፤ ያውም ስድስት ሳምንት ሳትነግራቸው ቆይታ። ያንኑ ነገር እንደ ምክንያት ሳይሆን ከዚህ በኋላ እንደሚያስፈልግ ነገር አቀረበችው። በዚህ ቦታ ሲመጣ ማንንም አይከስም።

ሥራ በዛብኝ የሚለውን ጭራሽ አልጻፈችውም። ብዙ ሰው ምክንያት ያልተሰጠው መልስ ድርቅና ይመስለዋል። እኔ ምክንያት የሚገባው በሁለት ጊዜ ብቻ ነው እላለሁ። አንደኛው፣ ምክንያቱ ሰውየው ከዚህ በኋላ የሚያደርገውን የሚለውጥ ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ ሥራ ቀይራ ከሆነና ጉዳዩ ሌላ ሰው ጋር መሄድ ካለበት። ሁለተኛው፣ ሕመም፣ ወሊድ ወይም ሐዘን ደርሶባት ከሆነ ነው። በእኛ ባህል ይህን መደበቅ ራሱ ያስቀይማል፤ «ታመሽ ሳትነግሪን!» ይባላል። ያኔም አንድ መስመር ይበቃል፦ «ሆስፒታል ተኝቼ ነበር፣ አሁን ተሽሎኛል።» ከዚህ ውጭ ያለው የሥራ ብዛት የሁሉም ሰው ነው፤ የጠበቀውም ሰው ሥራ ነበረበት።

ቀኑን በቀን ስምና በቁጥር ያስቀመጠችው በከንቱ አይደለም። አንዴ የዘገየ ሰው «ሰሞኑን እልክልዎታለሁ» ቢል ቃሉ አይጨበጥም። ቀኑ ግን የሚደረስበት መሆን አለበት። ሥራው ሁለት ምሽት ከፈለገ ሳምንት መጠየቅ ያዋጣል፤ ሁለተኛው መዘግየት የመጀመሪያውን ይቅርታ ያጠፋዋል። ሥራው በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ቢሆንማ ኖሮ ጨርሶ ከመልሱ ጋር መላክ ይሻል ነበር። ከዚያ የበለጠ ጊዜ የሚወስድ ከሆነ ግን «ጨርሼ ልላክለት» ማለት ያው የድሮው ወጥመድ ነው። መልሱ ዛሬ ይሂድ፣ ሥራው በቀኑ ይከተል። ጠያቂው አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ከሆነ ደግሞ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። «እስከ 15» ሲባል አንዱ ጥቅምትን፣ ሌላው ኦክቶበርን ሊያስብ ይችላል፤ «ማታ 1 ሰዓት»ም እንዲሁ። በዘገየ መልስ ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት ሲጨመር ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል።

እንዲህ ላለ ትልቅ ሰው መደወል አይቀድምም ወይ የሚል ይኖራል። መደወሉ የግድ ነው፤ በጽሑፍ ብቻ መቅረት አይገባም። ነገር ግን ጽሑፉ ቢቀድም ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ከስድስት ሳምንት በኋላ የሚደወል ስልክ «ምነው ጠፋሽ?» ተብሎ ይጀመርና ሰላምታና ይቅርታ ይሞላዋል፤ ጉዳዩ መጨረሻ ላይ ተጣድፎ ይነሳል። ገጾቹና ቀኑ በጽሑፍ ከደረሱ በኋላ ግን ስልኩ ለሰላምታውና ለጨዋታው ነፃ ይሆናል። የተባለው ሰዓት ላይ መደወል ደግሞ የአዲሱ ቃል የመጀመሪያ ማረጋገጫ ነው።

ሰው እንዲህ አጥብቆ የሚያፍረው ተገቢውን ያህል ነው ወይ? የለንደን ቢዝነስ ስኩልና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ አስቸኳይ ያልሆነ ኢሜይል የደረሳቸው ሰዎች፣ ላኪው ከሚጠብቀው በላይ ፈጥነው መመለስ ያለባቸው እንደሚመስላቸው አሳይተዋል። በ2022 ደግሞ የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲዋ ፔጊ ሊዩና ባልደረቦቿ፣ ሳይታሰብ ሰላም ባይ ሲመጣ ተቀባዩ ምን ያህል እንደሚደሰት ላኪዎች አሳንሰው እንደሚገምቱ አግኝተዋል። ሁለቱም ጥናቶች ጉባኤ ስላመለጠው ሰው አይደሉም። ሰላምታ ብቻ የያዘ መልእክት ግን ከሳምንታት በኋላ ሲመለስ ይቅርታ ጭራሽ ላያስፈልገው እንደሚችል ይጠቁማሉ። ጓደኛ «እንዴት ነህ? ናፈቅከኝ» ብሎ ከነበረ መልሱ «እኔም ናፍቄሃለሁ፤ ልጅቷ እንዴት ናት? መራመድ ጀመረች?» ነው። ይቅርታው የተበላሸ ነገር ካለ እንጂ ቀን ስለተቆጠረ ብቻ አይደለም።

ለዝምታ ትልቁ ምክንያት ግን መልሱ «አይሆንም» መሆኑ ነው። ውጭ አገር ያለ የአክስት ልጅ ብር ተጠይቆ የማይችል ከሆነ እምቢ ማለት ከብዶት ዝም ይላል። ጠያቂው ደግሞ ዝምታውን «እያፈላለገልኝ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ተስፋ አድርጎም ሌላ በር ሳያንኳኳ ይቆያል። ዘግይቶ የሚመጣ እምቢታ ከሁሉም በላይ ግልጽ መሆን አለበት፦ «የጠየቅከኝን ብር ልልክልህ አልችልም። ይህን በሳምንቱ ልነግርህ ይገባ ነበር፣ ይቅርታ። ሌላ ቦታ ሞክር፤ እኔን አትጠብቀኝ።» እዚህ ላይ «እስቲ እናያለን» ወይም «እግዚአብሔር ያውቃል» መጨመር ደግነት አይደለም፤ ሌላ ስድስት ሳምንት ማስጠበቅ ነው። የሚቻል ጥቂት ነገር ካለ መጠኑ ይጻፍ። ከሌለ ሳይጻፍ ይቅር።

የሐዘን መልእክት ለብቻው ነው። «አባቴ አረፈ» ብሎ የጻፈ ሰው ሳምንታት ሙሉ ሳይመለስለት ከቀረ ብዙዎች አሁንማ አልፏል ብለው ለዘለዓለም ዝም ይላሉ። በክርስቲያኖች ዘንድ አርባው አለ፣ ሰማንያው አለ፣ ሙት ዓመቱ አለ፤ ሐዘኑ በየቀኑ መታወስ እንዳለበት ባህሉ ራሱ ያዘጋጀው ነው። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ከወራት በኋላም ቤት ሄዶ ያጽናናል፤ ማንም ረፈደ አይለውም። ጽሑፉም እንደዚያው ነው፣ ግን በይቅርታ አይጀመርም። የሚጀመረው በሟቹ ነው፦ «እግዚአብሔር ያጽናሽ። አባትሽ በልጅነታችን ከትምህርት ቤት ስንመለስ በር ላይ ቆመው የሁላችንንም ደብተር ያዩልን ነበር፤ እሱን እያሰብኩ ነው የሰነበትኩት። በሰዓቱ አጠገብሽ አለመሆኔ ይቆጨኛል። እሁድ ከሰዓት ቤት ካለሽ እመጣለሁ።» ስለ ሟቹ የሚነገረው እውነተኛ ትዝታ መሆን አለበት፤ ትዝታ ከሌለ «ያጽናሽ» ብቻ ይበቃል። ስለ አሟሟቱ መጠየቅ በዚህ ጊዜ አይገባም፤ እሷ ያን ታሪክ ለብዙ ሰው ደጋግማ ተናግራዋለች።

በመሥሪያ ቤት ኢሜይል ላይ ነገሩ ቀለል ይላል። አዲስ መልእክት ከመክፈት ይልቅ በድሮው ላይ መመለስ ይሻላል፤ የተጠየቀው ከሥሩ ስለሚታይ ሰውየው ፍለጋ አይገባም። አንድ የይቅርታ መስመር፣ ከዚያ መልሱ። ጉዳዩ ሌላ ክፍልን የሚመለከት ከሆነ የሚመለከተውን ሰው እዚያው ማካተት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያድነው በመጀመሪያው ቀን የሚላክ አንድ መስመር ነው፦ «ደርሶኛል ጋሼ፤ እስከ ዓርብ አይቼ እነግርዎታለሁ።» መልስ አይደለም፣ ግን ጠያቂው የት እንደቆመ ያውቃል። ቴሌግራምም ሆነ ዋትስአፕ የተነበበን መልእክት እንዳልተነበበ አድርጎ ምልክት ማድረግ ያስችላሉ፤ ለራስ ማስታወሻ ይጠቅማል። ለላኪው ግን ምንም አይነግረውም፤ በእሱ ስልክ ላይ መነበቡ እንደታየ ይቀራል።

የዘገየ መልስ ለደረሳችሁ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። «ኦ፣ አለህ እንዴ!» ወይም «ምድር ውጦሽ ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ። በፍቅር የሚባል ቢሆንም፣ ያን ሰው ወደ ይቅርታው መልሶ ይከተዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ለመመለስ የበለጠ ይፈራል። 4ኛውንና 9ኛውን ገጽ ጠይቃችሁ ከሆነ፣ 4ኛውንና 9ኛውን ገጽ አንስታችሁ ላኩላት።